41 በመቶ እያለ ስልኩ ለምን ድርግም ይላል?

የእህቴ የምረቃ ቀን ነበር። ቤተሰቡ ተሰልፏል፣ እናቴ ነጠላዋን ለሦስተኛ ጊዜ አስተካክላለች፣ ሕፃናቱ በስንት ልመና ቀጥ ብለው ቆመዋል። ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው 41 በመቶ ይላል። ቦታው ጨለም ስላለ ፍላሹን አበራሁና ነካሁት። ብልጭ አለ፣ ከዚያ ጥቁር። "ልጠፋ ነው" የለ፣ "ባትሪ አነስተኛ ነው" የለ፣ ዝም ብሎ ድርግም።

የአጎቴ ልጅ ፓወር ባንክ ነበረው። ሰካሁት፣ ስልኩ ተነሳ፣ ባትሪውን አየሁት። 40 በመቶ!

እንግዲህ ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ብዙ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስልኩ ዋሽቷል ብሎ ነው፤ "41 ያለው ውሸቱን ነው፣ ባትሪው አልቆ ነበር" ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን ቆይ፣ አልቆ ከነበረ ሲሰካ እንዴት 40 ላይ ተነሳ? በሁለት ደቂቃ 40 በመቶ የሚሞላ ፓወር ባንክ የለም። ቻርጁ እዚያው ነበር ማለት ነው። ነበረ፣ ግን ስልኩ ጠፋ። ጠቅላላ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጥገና ቤት "ቦርዱ ነው" አለኝ። ሁለተኛው "ሶፍትዌር ነው" ብሎ ስልኩን እንደ አዲስ ጫነው፣ ፎቶዎቼ ሁሉ ሄዱ፣ ስልኩም በማግስቱ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ልጅ ምንም ሳይከፍት ጠየቀኝ።

"ወንድሜ፣ ቤታችሁ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ምን ይሆናል?"

"ፈዘዝ ይላል።"

"ፍሪጃችሁ ስታብላይዘር አለው?"

"አለው።"

"ምጣድ ሲሰካ ስታብላይዘሩ ቷ ብሎ ፍሪጁን አጥፍቶት አያውቅም?"

ያውቃል። በተለይ በዓል ዋዜማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር። "ያንተም ስልክ ያ ነው" አለኝና ክዳኑን ማሞቅ ጀመረ። እኔም ነገሩን እስክረዳው ቆየሁ፣ ግን ምሳሌው ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ በእሱው ልቀጥል።

ምጣድ ሲሰካ መብራት ኃይል መብራቱን አልቀነሰም። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤታችን ያለው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ምጣዱ ደግሞ ብዙ ከረንት ይስባል። ሽቦው ያንን ሁሉ ከረንት ሲያሳልፍ ራሱ ሽቦው ላይ የሚቀር ቮልቴጅ አለ። 220 መድረስ የነበረበት ቤታችን ሲደርስ ወርዶ ይገኛል። አምፖሉ ይፈዝዛል፣ ስታብላይዘሩ ደግሞ "ይህ ለፍሪጁ አይሆንም" ብሎ ይቆርጣል። ምጣዱን ንቀለው፣ ወዲያው ሁሉም ይመለሳል። መብራቱ አልጠፋም ነበር። መንገዱ ነው የጠበበው።

ባትሪ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ጠባብ መንገድ አለ። ሬዚስታንስ ይባላል፣ በአማርኛ የውስጥ ተቃውሞ ብንለው ያስኬዳል፣ ሰልፍ የሚወጣበት አይደለም እንጂ። ሊቲየም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያጋጥመው መሰናክል ነው። አዲስ ባትሪ ላይ ትንሽ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ግን እያደገ ይሄዳል፣ ስልኩም ይህን የሚነግርህ ምልክት ከላይ ጥግ ላይ የለውም።

ከላይ ያለው ፐርሰንት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ውስጥህ ስንት አለ? ስልኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች፣ የገባውንና የወጣውን ከረንት ስትቆጥር የምትውል፣ አልፎ አልፎም ባትሪው አረፍ ሲል ቮልቴጁን አይታ ሒሳቧን የምታስተካክል። ጎተራ ውስጥ የገባና የወጣ ጤፍ በቁና እየቆጠረ እንደሚመዘግብ ሰው ናት። ጎተራውን ከፍታ አታይም። ደብተሯ ላይ 41 ካለ፣ በአብዛኛው በእርግጥም 41 አካባቢ አለ። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ደብተሩ አይመልሰውም፦ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ በአንድ ጊዜ ስንት መስጠት ትችላለህ? ስልኩ የሚጠፋው በዚህ በሁለተኛው ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ከስልክ ስልክ ይለያያሉ፣ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

41 በመቶ ላይ ያለ ባትሪ ምንም ሳይጫነው 3.78 ቮልት ገደማ ያሳያል። ስልኩ ደግሞ የራሱ "ስታብላይዘር" አለው፤ ኃይል የሚያከፋፍለው ቺፕ ቮልቴጁ ከተወሰነ ድንበር ከወረደ ሁሉንም ይቆርጣል። ድንበሩ 3.3 ቮልት ነው እንበል። አሁን ባትሪው አዲስ ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ሆኖ 0.2 አምፔር ይስባል። ሁለቱን ስታባዛቸው በመንገድ የሚቀረው 0.02 ቮልት ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ካሜራው ተከፍቶ፣ ስክሪኑ ደምቆ፣ ፕሮሰሰሩ ፎቶውን ለማቀናበር ሲሯሯጥ፣ ፍላሹም ብልጭ ሲል ለቅጽበት 2.5 አምፔር ሳበ እንበል። በመንገድ የሚቀረው 0.25 ቮልት ይሆናል፣ ለስልኩ 3.53 ይደርሰዋል። ከድንበሩ በላይ ነው። ፎቶው ይነሳል።

ያው ባትሪ ከሦስት ዓመት በኋላ። ሬዚስታንሱ 0.22 ኦም ደርሷል። ኪስህ ውስጥ ሲቀመጥ ልዩነቱ አይታወቅህም፤ ቴሌግራም ስታነብም አይታወቅህም፤ 3.7 እና ከዚያ በላይ ይደርሰዋል። ፍላሹን ስትነካው ግን 2.5 በ0.22 ሲባዛ 0.55 ቮልት ነው። 3.78 ሲቀነስ 0.55፣ 3.23። ከድንበሩ በታች። ቺፑ ቆረጠው። አለቀ።

ልብ በል፣ ስልኩ እንደጠፋ የሚሳብ ከረንት የለም፣ ስለዚህ በመንገድ የሚቀርም የለም። ባትሪው ወዲያው ወደ 3.78 ይመለሳል። ሲሰካ 40 ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው። ምጣዱ ተነቅሏል፣ አምፖሉም ደመቀ።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላም ነገር ይገባሃል። ባትሪው 70 በመቶ ላይ ቢሆን 4 ቮልት ገደማ ይኖረው ነበር። 0.55 ቢቀነስለት 3.45 ነው፣ ያልፋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "ጠዋት ጠዋት ምንም አይሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያስቸግረኝ" የሚለው። ችግሩ ሰዓት አይመርጥም፣ ባትሪው ሲጎድል ከድንበሩ ያለው ርቀት ስለሚጠብ ነው። በሽታው እየጠና ሲሄድ ደግሞ የሚጠፋበት ፐርሰንት ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ 15 ላይ፣ ከወራት በኋላ 30 ላይ፣ ከዚያ 45 ላይ። ይህን ቅደም ተከተል ካየህ ሌላ ምርመራ ብዙም አያስፈልግህም።

ቺፑ ለምን እንዲህ ይጨክናል? ቢያንስ አስጠንቅቆ ቢያጠፋስ? አይችልም። ቮልቴጁ የሚወርደው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰር ከሚያስፈልገው በታች ቮልቴጅ ሲያገኝ ቀስ ብሎ አይሠራም፣ ይሳሳታል። ሜሞሪ ላይ የሚጻፍ ነገር መሃል ላይ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመሳሳት መጥፋት ይሻላል ተብሎ ነው የተሠራው። በሥርዓት የሚዘጋው ፐርሰንቱ 0 ሲደርስ ነው፣ ያኔ ጊዜ አለው። እንዲህ ባለው ጊዜ ግን ደህና ሁን ለማለት እንኳ ፋታ የለም።

ፍላሽ ብቻ አይደለም ምጣዱ። ጥሪ አለ። በተለይ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ላይ። ስልክ ማማው ሲርቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጮህ ሰው ነው፣ የሚልከውን ኃይል ይጨምራል። በ2ጂ ሲሆን ደግሞ ያለማቋረጥ አይልክም፣ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ እየቆራረጠ ነው የሚልከው፣ እያንዳንዱም ከሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ቴፕ ወይም ስፒከር አጠገብ ስልክ ሊጠራ ሲል "ትር ትር ትር" የሚል ድምፅ ትዝ ይልሃል? እሱ ነው፣ በጆሮህ እየሰማኸው ነው። በእያንዳንዷ ትርታ ስልኩ እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ደህና የነበረ ስልክ ክፍለ ሀገር ስትወጣ፣ መኪናው ከከተማ ራቅ ሲል፣ "ሃሎ" ስትል ድርግም ቢል አትገረም። መንገደኛው "ኔትወርኩ ስልኬን አጠፋው" ሲል ሰምቼ ስቄ ነበር። ለካ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

ብርድም አለ። ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ሊቲየሙ በዝግታ ነው የሚጓዝበት፣ ሬዚስታንሱም ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን በኅዳር ንጋት ላይ ከቤት ወጥቶ ስልኩ 50 ላይ የጠፋበት ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ያለ ወገን ደግሞ ከእሱ በላይ ያውቀዋል። የብርዱ ግን ጊዜያዊ ነው። ደረት ኪስ ውስጥ ሞቅ ሲል ይመለሳል። አዲስ ስልክም ቢሆን በጣም ሲበርደው ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ በብርድ ብቻ ከሆነ የሚጠፋው፣ ባትሪ ለመቀየር አትሩጥ።

የእርጅናው ግን አይመለስም። ሬዚስታንሱ የሚያድገው ለምንድን ነው ያልክ እንደሆነ፣ ውሃ ማፍያህን ውስጡን እየው። ታች የተጋገረ ነጭ ነገር አለ አይደል? ባትሪው ውስጥም ግራፋይት የሚባለው ወገን ላይ ስስ ቅርፊት ይጋገራል። መጀመሪያ ላይ ይህ ቅርፊት ይጠቅማል፣ ፈሳሹ ከግራፋይቱ ጋር እየተነካካ እንዳይበላሽ ይከላከላል። ከጊዜ በኋላ ግን ይወፍራል፣ ሊቲየሙም በእሱ ውስጥ ለማለፍ ይቸገራል። የሚያወፍረው ዋናው ነገር ሙቀት ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው ስልክ፣ ትራስ ሥር ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ስልክ፣ ተሰክቶ ጌም የሚጫወቱበት ስልክ። ሙሉ 100 ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቆየቱም ያፋጥነዋል፣ ከሙቀት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ይህ ነገር የዓለም ዜና የሆነበትም ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 መጨረሻ አይፎን 6ኤስ የያዙ ብዙ ሰዎች ስልካችን ቻርጅ እያለው ይጠፋል ብለው አቤት አሉ። አፕል በ2015 መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ለተሠሩት የተወሰኑ ስልኮች ባትሪ በነፃ መቀየር ጀመረ። በጥር 2017 ደግሞ አይኦኤስ 10.2.1 የሚባለውን ማሻሻያ አወጣና መጥፋቱ በጣም ቀነሰ። ሁሉም ደስ አለው። የማሻሻያው ዘዴ ምን እንደሆነ ግን በግልጽ አልተነገረም። በታኅሣሥ 2017 ጊክቤንች የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ የሚሠራው ጆን ፑል የብዙ ስልኮችን ውጤት ደርድሮ ሲያወጣ፣ ያረጁት አይፎኖች ፍጥነት በደረጃ በደረጃ ተቆርጦ ወርዶ ታየ። ስልኩ እንዳይጠፋ ብለው ፕሮሰሰሩን አዘግይተውት ነበር። በምጣዳችን ቋንቋ፣ መስመሩን ከማስተካከል ይልቅ ምጣዱን ግማሽ እሳት ላይ አድርገውት ነበር፣ ባለቤቷም እንጀራዋ ለምን እንደማይበስልላት አታውቅም።

እኔ በበኩሌ ዘዴው መጥፎ ነበር አልልም። ከመጥፋት መዘግየት ይሻላል። መደበቁ ነው ያስቆጣው፣ ምክንያቱም ሰዉ ስልኩ የዘገመው ስላረጀ መስሎት አዲስ ስልክ ገዛ፣ ባትሪ ብቻ ቢቀይር ይበቃው ነበር። አፕል በዚያው ወር ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፣ በመጋቢት 2018 ደግሞ ስለ ባትሪው ጤና የሚናገር ገጽ ስልኩ ውስጥ አስገባ። በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን ክስ ጨረሰ።

ያ ገጽ ዛሬም ይጠቅምሃል። አይፎን ከያዝክ Settings፣ ከዚያ Battery፣ ከዚያ Battery Health ግባ። ብዙ ሰው የሚያየው Maximum Capacity የሚለውን ፐርሰንት ብቻ ነው። እሱ የጎተራውን ስፋት ነው የሚነግርህ። ከ80 በታች ሲሆን ቀይረው ይባላል፣ እሺ። ግን 84 ሆኖም ስልኩ ሊጠፋ ይችላል፣ ስፋቱና መንገዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። "unable to deliver the necessary peak power" የሚል ጽሑፍ እዚያ ገጽ ላይ ካገኘህ፣ ስልኩ ራሱ በአፉ እየነገረህ ነው፦ ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚፈለገውን ኃይል መስጠት አቅቶታል።

አንድሮይድ ላይ እንዲህ ያለ ገጽ በሁሉም ስልክ የለም። ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ `*#0228#` ብትጽፍ በብዙዎቹ ላይ የባትሪውን ቮልቴጅ ያሳይሃል። ኮምፒውተር ካለህና ኤዲቢ መጠቀም የምታውቅ ከሆነ ደግሞ በኬብል ሳይሆን በዋይፋይ አገናኘው፣ በኬብል ከሆነ ስልኩ ቻርጅ ስለሚያደርግ ውድቀቱ ይደበቃል፤ ከዚያ ይህችን ጻፍ፦

```
adb shell dumpsys battery
```

ከሚመጣው መሃል እነዚህን ሦስቱን ፈልግ፦

```
level: 41
voltage: 3781
temperature: 262
```

ቮልቴጁ በሺህኛ ቮልት ነው፣ 3781 ማለት 3.781። ሙቀቱ ደግሞ በአሥረኛ ዲግሪ፣ 262 ማለት 26.2። ስልኩ ዝም ብሎ ሳለ አንድ ጊዜ እየው፣ ከዚያ ካሜራ ከፍተህ መብራቱን አብርተህ ቪዲዮ እየቀረፅክ ደጋግመህ እየው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ከወረደ ጤና ነው። ግማሽ ቮልት ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ይህ ንባብ ቀርፋፋ ነው፣ እንደ ፍላሽ ያለች የቅጽበት ውድቀት ታመልጠዋለች። ስለዚህ ብዙ ከወረደ እመነው፣ ካልወረደ ግን ባትሪው ነፃ ነው ብለህ አትፍረድ።

ምንም ዕቃ ከሌለህስ? ከሁሉም የሚሻለው ምርመራ ቻርጀር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ወዲያው ሰካውና ሲነሳ ስንት እንደሚል እይ። ቀድሞ ከነበረበት አጠገብ ከተነሳ፣ 41 ጠፍቶ 40 ወይም 39 ላይ፣ ይህ እስካሁን ያወራነው ነው፣ መንገዱ ጠብቧል። 41 ጠፍቶ 2 ወይም 3 ላይ ከተነሳ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ባትሪው በእርግጥም አልቆ ነበር፣ ደብተሩ ነው የተሳሳተው። ቆጣሪዋ ቺፕ ጎተራው ድሮ የነበረውን ያህል ሰፊ ነው ብላ ስታስብ፣ ጎተራው ግን ሳይነገራት ጠብቧል። ለዚህኛው ነው ያ ሁሉ ሰው የሚመክረው ምክር የሚሠራው፣ እስኪጠፋ ጨርሰው፣ ከዚያ ሳታቋርጥ 100 ሙላው የሚለው። ቺፗ ዳርና ዳሩን ስታይ ደብተሯን ታስተካክላለች። ለመጀመሪያው ዓይነት ግን ይህ ምንም አያደርግም፣ ቅርፊት በመቁጠር አይላጥም። እንዲያውም ያረጀን ባትሪ እየደጋገሙ ባዶ ማድረግ ይጎዳዋል።

ሁለተኛ ምርመራ። ስልኩን ፓወር ባንክ ላይ እንደሰካህ ያንኑ የሚያጠፋውን ነገር አድርግ፣ ፍላሽ አንሳ፣ ደውል፣ ጌሙን ክፈት። ተሰክቶ ምንም ካልሆነና ተነቅሎ ከጠፋ፣ ባትሪው ነው፤ ሲሰካ ጭነቱን ቻርጀሩ ያግዘዋልና። ተሰክቶም የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም 95 ላይም የሚጠፋ፣ ወይም ሲነካካና ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ቦርዱን ወይም የባትሪውን ሶኬት ጠርጥር። ወድቆ ከነበረ በተለይ። የመጀመሪያው ጠጋኝ "ቦርዱ ነው" ሲለኝ ይህችን የሁለት ደቂቃ ሙከራ ቢያደርግ ኖሮ ሁለታችንም እናርፍ ነበር።

ባትሪው ካበጠ፣ ማለትም ስክሪኑ ወይም ክዳኑ ከፍ ከፍ ካለ፣ ምርመራውን ሁሉ ተወው። ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ አትውጋው። ቶሎ አስወጣው።

እስክትቀይረው ድረስ ማባበል ይቻላል። ኃይል ቆጣቢውን ሁልጊዜ ክፍት አድርገው፣ ዋና ጥቅሙ ቻርጁን ማቆየቱ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይስብ ማድረጉ ነው። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ስክሪኑን ቀነስ፣ ፍላሹን ተወው። ኔትወርክ የማይገባበት መንገድ ላይ ከሆንክ ፍላይት ሞድ አድርገው፣ ዝም ብሎ ማማ ሲፈልግ ይደክማል። ከ60 በታች አታውርደው። እኔ ለሁለት ወር እንዲህ ኖሬያለሁ፣ ሕመምተኛ እንደማስታመም ነው፣ አይመከርም።

ስትቀይር ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ "አዲስ" የሚባለው ሁሉ አዲስ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ባትሪ፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ቅርፊቱ ሲጋገር ኖሯል። ላዩ ላይ የተሠራበት ቀን ካለ አንብበው። ሁለተኛው ደግሞ ኮፒው ነው። የስልክህ ኦሪጅናል ባትሪ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነና ያው መጠን፣ ያው ውፍረት ያለው ሌላ ባትሪ 6000 ብሎ ከጻፈ፣ የጻፈው ወረቀቱ እንጂ ባትሪው አይደለም። መናኛ ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ "ባትሪ ቀይሬም ይጠፋል፣ እንግዲህ ቦርዱ ነው" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የተሸወደው።

ስለዚህ ሦስተኛው ልጅ ያደረገውን ላንተም እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። አዲሱን ባትሪ ገጠመ፣ ክዳኑን ግን አላጣበቀም። "ቻርጅ አታድርገው" አለኝ፣ "እንዳለ ተወው"። ባትሪው 34 በመቶ ነበር። ካሜራውን ከፈተ፣ ስክሪኑን እስከ ጥግ አደመቀ፣ መብራቱን አብርቶ ቪዲዮ መቅረፅ ጀመረ፣ በዚያው ላይ በሌላ ስልክ ደወለልኝ። ስልኬ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መብራቱም እንደበራ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመው። ከዚያ ሙጫውን አነሳ።